የጀማሪ ትሬደር የጽሑፍ ዕቅድ፦ አንድ ገጽ፣ አንድ ጥንድ፣ አንድ የመግቢያ ሁኔታ

የፎሬክስ፣ ማለትም የውጭ ምንዛሪ ገበያ፣ የግብይት ዕቅድ የሚጻፈው ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ገበያው ተዘግቶ ሳለ ነው። ክፍት ግብይት የያዘ ሰው ዕቅድ አይጽፍም፤ ለያዘው ግብይት ምክንያት ይፈልጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ቻርቱ በማይንቀሳቀስበት ቀን ወረቀት ላይ በእጅ ጻፉት፤ ከአንድ ገጽ ግን አይለፍ።

እያንዳንዱን መስመር ስትጽፉ አንድ መለኪያ ያዙ። ትሬዲንግ የማያውቅ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ወረቀቱንና ቻርቱን ይዘው «ይህ ተሟልቷል ወይስ አልተሟላም?» ለሚለው ጥያቄ በአዎ ወይም በአይደለም መመለስ መቻል አለባቸው። «ገበያው ጠንካራ ሲሆን እገዛለሁ» የሚለው መስመር ይህን መለኪያ አያልፍም። «የ15 ደቂቃ ካንድል ከትናንት ከፍተኛ ዋጋ በላይ ሲዘጋ» የሚለው ግን ያልፋል፤ ካንድል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የነበረውን የዋጋ እንቅስቃሴ ቻርቱ ላይ የሚያሳይ አንድ ምልክት ነው። ብዙ የጀማሪ ዕቅዶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የተጻፈው ነገር ሁሉ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ሲጠፋ እንደተፈለገው ሊተረጎም የሚችል ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው 500 ዶላር ያለበትን አካውንትና የዩሮና የዶላርን ጥንድ ነው፤ መድረኩ ላይ EURUSD ተብሎ ይታያል። ይህን ጥንድ የመረጥኩት ብዙ ስለሚገበያይና ስፕሬዱ፣ ማለትም በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ጠባብ ስለሆነ ነው። ፒፕ የሚባለው የዋጋው አራተኛ የአሥርዮሽ አሃዝ ነው፤ ዋጋው ከ1.0860 ወደ 1.0861 ሲሄድ አንድ ፒፕ ተንቀሳቀሰ እንላለን። ትንሹ የግብይት መጠን 0.01 ሎት ሲሆን፣ በዚህ መጠን አንድ ፒፕ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣል። ከዚህ በላይ ሒሳብ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። የውጭ ምንዛሪ ዝውውር በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚገዛ ነው። ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «ብር ላኩልኝ፣ በዶላር ልሙላላችሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ። ዕቅዱን በዴሞ፣ ማለትም እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት የመለማመጃ አካውንት መሥራትና መፈተን ይቻላል፤ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማም በቂ ነው። አውሮፓ ለምትኖሩ ደግሞ፣ ፈቃድ ያላቸው ብሮከሮች ከደንበኞቻቸው ስንት በመቶው እንደሚከስር በድረ ገጻቸው ላይ እንዲጽፉ ይገደዳሉ። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በፈረንጆች 2018 ሕጉን ሲያወጣ የጠቀሰው አኃዝ ከ74 እስከ 89 በመቶ ነበር። አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት የብሮከራችሁን ቁጥር ፈልጋችሁ አንብቡ።

አንደኛ፦ የመግቢያ ሁኔታውን ጻፉ

ጀማሪ አንድ የመግቢያ ሁኔታ ብቻ ይበቃዋል። ሁለት ሲሆኑ፣ ሲከስር የትኛው እንዳከሰረው አያውቅም። ለምሳሌ የምወስደው ቀላል የሆነውንና በዓይን የሚታየውን ነው፦ ዋጋው የትናንቱን ከፍተኛ ዋጋ ሰብሮ ይወጣል፣ ወደ ሰበረው መስመር ተመልሶ ይፈትነዋል፣ ከዚያም እንደገና ይነሳል። ይህ ዘዴ ትርፍ ያመጣል ብዬ ቃል አልገባም። የመረጥኩት በግልጽ ሊጻፍ ስለሚችል ነው።

ስቶፕ ሎስ ዋጋው ወደ ኪሳራ ሄዶ የተወሰነ ቦታ ሲደርስ ግብይቱን የሚዘጋ ትእዛዝ ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይሰፍራል፦

> የምሠራው ለንደን ከተከፈተች በኋላ ባሉት አራት ሰዓታት ውስጥ ብቻ ነው።
> ሀ. የ15 ደቂቃ ካንድል ከትናንቱ ከፍተኛ ዋጋ በላይ ዘግቷል።
> ለ. ከዚያ በኋላ ዋጋው ተመልሶ መስመሩን ነክቷል፤ ነገር ግን ከመስመሩ በታች የዘጋ ካንድል የለም።
> ሐ. ከነካ በኋላ አንድ ካንድል ከተከፈተበት ዋጋ በላይ ዘግቷል። ይህ ካንድል ሲዘጋ እገዛለሁ።
> መ. ስቶፕ ሎስ፦ ሲመለስ ከደረሰበት ዝቅተኛ ዋጋ 3 ፒፕ በታች።
> ሠ. ከመግቢያው እስከ ስቶፑ ያለው ርቀት ከ12 ፒፕ ካነሰ ወይም ከ30 ፒፕ ከበለጠ አልገባም።
> ረ. የትርፍ መውጫ፦ የስቶፑ ርቀት ሁለት እጥፍ።

ለሽያጭ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ መስመሩ የትናንቱ ዝቅተኛ ዋጋ ይሆናል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። የሽያጭ ግብይት የሚዘጋው በመግዣ ዋጋ ስለሆነ በስቶፑ ላይ ስፕሬዱንም ጨምሩበት። አለበለዚያ ቻርቱ ላይ ዋጋው ስቶፑን ሳይነካው ግብይታችሁ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ጀማሪዎች «ብሮከሩ ሰረቀኝ» ብለው ከሚያማርሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም መልሱ ስፕሬዱ ነው።

«ትናንት» የሚለው ቃልም መተርጎም አለበት። የፎሬክስ ቀን የሚያበቃው በኒውዮርክ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ሲሆን ነው፤ ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር የሚነበብ ሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት አንዳንድ መድረኮች የእሑድን ጥቂት ሰዓታት ለብቻው እንደ ቀን ካንድል ያሳያሉ። ያንን ትታችሁ የዓርብን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ውሰዱ፤ ይህም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ያዙት፤ የእኛ ሰዓት አይቀየርም፣ የለንደን ግን ይቀየራል። በእነርሱ የበጋ ወራት፣ ማለትም ከማርች መጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ እሑድ፣ ለንደን የምትከፈተው በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ 5 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የሥራ ሰዓታችን በአንዱ ወቅት ከ4 እስከ 8 ሰዓት፣ በሌላው ከ5 እስከ 9 ሰዓት ነው።

ሁለተኛ፦ በአንድ ግብይት የምታጡትን ገንዘብ በዶላር ጻፉ

«አንድ በመቶ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። የ500 ዶላር አንድ በመቶ 5 ዶላር ነው፤ ወረቀቱ ላይ «5 ዶላር» ተብሎ ይጻፍ። በመቶኛ የተጻፈ ኪሳራ ስሜት አይሰጥም፤ በገንዘብ የተጻፈ ግን ይሰማል።

ለምን አንድ በመቶ? ምክንያቱም የሽንፈት ሰልፍ መምጣቱ አይቀርም። ከሁለት ግብይት አንዱን የሚያሸንፍ ዘዴ እንኳ በመቶ ግብይት ውስጥ አምስት ጊዜ በተከታታይ ቢከስር አያስደንቅም። አሥር ተከታታይ ኪሳራ ቢመጣ በአንድ በመቶ የሚሠራ ሰው 500 ዶላሩ ወደ 452 ይወርዳል። በአሥር በመቶ የሚሠራው ግን 174 ዶላር ይቀረዋል፤ ወደ ተነሳበት ለመመለስም ካለው ላይ 187 በመቶ ማትረፍ ይኖርበታል። ሁለቱ ሰዎች ያዩት ቻርት አንድ ነው፤ የመግቢያ ሁኔታቸውም አንድ ነው።

የግብይቱ መጠን የሚወሰነው ከስቶፑ ርቀት ተነስቶ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን አስቀድሞ ሎት ይመርጥና ስቶፑን እንዲመቸው ያሳጥራል። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
ሎት = የስጋት ገንዘብ ÷ (የስቶፕ ርቀት በፒፕ × 10)
```

እዚህ 10 የሚለው በዩሮና በዶላር ጥንድ ላይ አንድ ሙሉ ሎት በፒፕ የሚያወጣው ዶላር ነው። ውጤቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ይጠጋጋል።

አሁን በአንድ ምሳሌ እንየው። የትናንቱ ከፍተኛ ዋጋ 1.0860 ነበር እንበል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የ15 ደቂቃ ካንድል 1.0871 ላይ ዘጋ፤ «ሀ» ተሟላ። ዋጋው ተመልሶ እስከ 1.0853 ወረደ፤ ነገር ግን ካንድሉ የዘጋው 1.0861 ላይ ስለሆነ «ለ»ም ተሟላ። ቀጣዩ ካንድል ከ1.0861 ተነስቶ 1.0866 ላይ ዘጋ፤ «ሐ» ተሟላ። ስፕሬዱ አንድ ፒፕ ስለሆነ የምንገዛው በ1.0867 ነው። ስቶፑ ከ1.0853 ሦስት ፒፕ ዝቅ ብሎ 1.0850 ላይ ይቀመጣል። ርቀቱ 17 ፒፕ ነው፤ በ12 እና በ30 መካከል ስለሆነ ያልፋል።

መጠኑን እናስላ። 5 ሲካፈል ለ170 የሚሰጠው 0.029 ነው። ወደ ታች ሲጠጋጋ 0.02 ሎት ይሆናል። በ0.02 ሎት አንድ ፒፕ 20 ሳንቲም ነው፤ ስቶፑ ቢመታ 3 ዶላር ከ40 እናጣለን። የትርፍ መውጫው 34 ፒፕ ርቆ 1.0901 ላይ ነው፤ ከደረሰ 6 ዶላር ከ80 ይገኛል። 0.03 ሎት ብንገባ ኪሳራው 5 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይሆን ነበር። አሥር ሳንቲም ምንም አይደለም የሚል ካለ፣ ደንቡን ለማላላት የመጀመሪያውን ምክንያት አግኝቷል ማለት ነው።

ሌቨሬጅ፣ ማለትም ካላችሁ ገንዘብ የሚበልጥ ግብይት እንድትከፍቱ የሚያስችለው የብሮከር ብድር፣ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም፤ መግባትም የለበትም። ሌቨሬጅ ምን ያህል ልትከፍቱ እንደምትችሉ እንጂ ምን ያህል መክፈት እንዳለባችሁ አይነግራችሁም። ለግለሰብ ደንበኞች በአሜሪካ ለዋና ዋና ጥንዶች ጣሪያው 50 ለ1፣ በአውሮፓ ኅብረት 30 ለ1 ነው። ከእነዚህ አገሮች ውጭ 500 ለ1 የሚሰጡ ብሮከሮች አሉ። በ500 ዶላር ሁለት ሙሉ ሎት ማስከፈት ይችላሉ፤ በዚያ መጠን አንድ ፒፕ 20 ዶላር ስለሆነ የ25 ፒፕ እንቅስቃሴ የአካውንቱን ሙሉ ገንዘብ ያህላል። ዩሮ በአንድ ተራ ቀን ከዚህ በላይ ይንቀሳቀሳል።

ስቶፕ ሎስም ወሰን አለው። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ለዓመታት ያስጠበቀውን አንድ ዩሮ በ1.20 ፍራንክ የሚለውን ወለል በድንገት ሲያነሳ፣ ብዙ ስቶፖች ከተቀመጡበት እጅግ ርቀው ተፈጸሙ፤ ከዜሮ በታች የወረዱ አካውንቶችም ነበሩ። ስቶፕ «እዚህ ዋጋ ላይ ሲደርስ ባለው ዋጋ ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ነው። በመካከል ዋጋ ከሌለ የሚቀጥለውን ይወስዳል። የአንድ በመቶ ስጋት ሌላው ጥቅሙ ይህ ነው፤ ስቶፑ ሦስት እጥፍ ርቆ ቢፈጸም እንኳ 15 ዶላር እንጂ አካውንቱን አያጠፋም።

ሦስተኛ፦ የቀን ኪሳራ ጣሪያ

> በቀን ሁለት ኪሳራ ወይም 10 ዶላር፣ የቀደመው ሲደርስ አቆማለሁ። በሳምንት 20 ዶላር ሲደርስ እስከ ሰኞ አልከፍትም።

ሁለት መለኪያ የተጻፈው በምክንያት ነው። የገንዘቡ ጣሪያ አንድ ስቶፕ ከታሰበው በላይ ርቆ ሲፈጸም ያስቆማችኋል። የቁጥሩ ጣሪያ ደግሞ ገንዘብ ሳያልቅ ትዕግሥት ያለቀበትን ቀን ይይዛል።

በምሳሌያችን እንቀጥል። ያ ግብይት ከሰረ፤ 3.40 ሄደ። በዚያው ጠዋት ሁኔታው እንደገና ተሟላ፤ ስቶፑ 24 ፒፕ ስለሆነ በ0.02 ሎት ስጋቱ 4.80 ነው። እርሱም ከሰረ። የቀኑ ኪሳራ 8.20 ደረሰ፤ ሰዓቱ ገና 6 ከ40 ነው። ከ10 ዶላሩ 1.80 ይቀራል፤ በ0.01 ሎት አንድ ትንሽ ግብይት ያስገባል ብሎ የሚያሰላ አእምሮ አለን። ሁለት ኪሳራ የሚለው መስመር የተጻፈው ለዚህች ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ሁኔታ ቢመጣና ቢያሸንፍ እንኳ በመዝገባችሁ ላይ «ያልገባሁበት» ብላችሁ ጻፉት። ጣሪያው ጎድቷችኋል ወይስ ጠቅሟችኋል የሚለው ከብዙ ቀናት በኋላ ተቆጥሮ የሚታወቅ እንጂ በዚያ ከሰዓት የሚፈረድ አይደለም።

ጣሪያው ከደረሰ በኋላ በእርግጥ ምን እንደምታደርጉ ካልተጻፈ ግን ደንቡ አይያዝም። ሜታትሬደር በሚባለው የግብይት መድረክ ለሚሠሩ አንድ ጥሩ መንገድ አለ። አካውንቱ ሁለት የይለፍ ቃል አለው፤ አንደኛው መገበያያ ነው፤ ሌላው `Investor password` የሚባለው ደግሞ ለማየት ብቻ ይፈቅዳል። ስልካችሁ ላይ በዚህ በሁለተኛው ብቻ ግቡ። መገበያያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሁን። ጣሪያው ሲደርስ ከኮምፒውተሩ ውጡና ዝጉት፤ ስልካችሁ ቻርቱን ያሳያል፣ ትእዛዝ ግን አይቀበልም። በቁጭት የሚከፈት ግብይት ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ወይም አልጋ ላይ ነውና ይህች ትንሽ ለውጥ ብዙ ታድናለች።

አራተኛ፦ የማልገበያይባቸው ሁኔታዎች

ይህ ክፍል ከመግቢያ ሁኔታው በፊት ይነበባል። በየቀኑ ገበያው ከመከፈቱ አሥር ደቂቃ በፊት መስመር በመስመር ይታያል፤ አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ቀኑ የዕረፍት ቀን ነው፣ ወይም ያ ሰዓት ይዘለላል።

መጀመሪያ ዜና ነው። በኢኮኖሚ የቀን መቁጠሪያ ላይ ለዩሮ ወይም ለዶላር በቀይ የተመለከተ ዜና ካለ፣ ከሠላሳ ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስከ ሠላሳ ደቂቃ በኋላ አዲስ ግብይት አይከፈትም። የአሜሪካ የዋጋ ንረትና የሥራ ስምሪት መግለጫዎች የሚወጡት በኒውዮርክ ጠዋት 8፡30 ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ወይም 10 ሰዓት ተኩል ነው። የሥራ ስምሪቱ ብዙ ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ይወጣል። የመግቢያ ሰዓታችን ከዚያ በፊት ያበቃል። ነገር ግን ጠዋት የተከፈተ ግብይት እስከዚያ ሊቆይ ስለሚችል፣ ዜናው ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው በትርፍም ይሁን በኪሳራ ይዘጋል። በዜናው ቅጽበት ስፕሬዱ ይሰፋል፣ ስቶፑም ርቆ ሊፈጸም ይችላል፤ ያን ጊዜ 17 ፒፕ ያልነው 17 አይሆንም። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በተለያየ ሳምንት ስለሆነ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ የቀን መቁጠሪያውን በየቀኑ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ስፕሬድ። ከ2 ፒፕ በላይ ከሆነ አይገባም። የኒውዮርክ ቀን ሲዘጋ፣ በእኛ ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ፣ ስፕሬድ ይሰፋል፤ ስለዚህ ግብይት ክፍት ሆኖ አያድርም። ዓርብ ደግሞ ምንም ሳይዘጋ ወደ ቅዳሜ አይታለፍም፤ ሰኞ ዋጋው ከስቶፑ ዘሎ ሊከፈት ይችላል።

ሦስተኛው መብራትና ኢንተርኔት ነው፤ በእኛ አገር ይህ መስመር የግድ ነው። ስቶፕ ሎስና የትርፍ መውጫ ከትእዛዙ ጋር አብረው ከተላኩ በብሮከሩ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ መብራት ቢጠፋም ይሠራሉ። በሜታትሬደር ላይ ያለው ተከታታይ ስቶፕ፣ ትሬይሊንግ ስቶፕ የሚባለው፣ ግን የሚሠራው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ መከተሉን ያቆማል፤ የሚቀረው መጨረሻ የደረሰበት ስቶፕ ብቻ ነው። ስለዚህ «ገብቼ ስቶፑን ቀስ ብዬ አስቀምጣለሁ» ማለት የተከለከለ ነው፤ በጠዋት መብራት ከሄደም በዚያ ቀን አይሠራም።

የመጨረሻው ራሳችሁ ናችሁ። እዚህም በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ ይጻፍ፦ ከስድስት ሰዓት በታች ተኝቻለሁ? አካውንቱ ውስጥ ያለው የቤት ኪራይ ወይም የተበደርኩት ገንዘብ ነው? በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት ቀጠሮ ወይም ሥራ አለኝ? ትናንት ደንብ ጥሼ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ «አዎ» ከሆነ አንድ ቀን ይዘለላል። ቅጣት ብላችሁ አትዩት፤ ደንብ የጣሰ ሰው በማግስቱ ያጣውን ለማስመለስ ስለሚቸኩል ነው።

አምስተኛ፦ መዝገብና ማሻሻያ

ለእያንዳንዱ ግብይት አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ መግቢያ፣ ስቶፕ፣ ሎት፣ የታሰበው ስጋት በዶላር፣ የተገኘው ወይም የጠፋው፣ እና «ደንቡ ተከብሯል፦ አዎ/አይደለም»። የታሰበውና የጠፋው ገንዘብ ጎን ለጎን መጻፋቸው ጠቃሚ ነው። 3.40 ታስቦ 4.20 ከጠፋ ስቶፑ ርቆ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ ይህ ደጋግሞ ከታየ ብሮከሩን ወይም ሰዓቱን መቀየር ያስፈልጋል። ዴሞ ላይ እንዲህ ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ትእዛዙ በጠየቃችሁት ዋጋ ይፈጸማል። ስለዚህ የዴሞውን ውጤት ጥቂት ቀንሳችሁ አንብቡት።

ሠላሳ ግብይት እስኪሞላ ድረስ ከወረቀቱ አንድ ቃል አይቀየርም። ሲሞላ፣ በቅዳሜ ቀን፣ ደንቡ የተከበረባቸውን ብቻ ለዩና ቁጠሩ። ትርፉ የኪሳራው ሁለት እጥፍ በሆነበት በዚህ ዕቅድ ከሦስት አንዱን ማሸነፍ ሳያተርፉ ሳይከስሩ ያስቀራል፤ ኮሚሽን የሚከፍል ሰው ደግሞ ጥቂት በለጥ ያለ ማሸነፍ አለበት። ደንቡ የተጣሰባቸው ከሠላሳው ከአምስት በላይ ከሆኑ ስለ መግቢያ ሁኔታው ምንም ማለት አይቻልም፤ የተፈተነው እርሱ አይደለምና ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ሌላ ሠላሳ ትሠራላችሁ። ደንቡ ተከብሮ ከከሰረ ግን አንድ መስመር ብቻ ቀይሩ፤ ለምሳሌ የስቶፑን ዝቅተኛ ርቀት ከ12 ወደ 15 ፒፕ። አሮጌውን ወረቀት ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት። 5 ዶላር የሚለውም የሚቀየረው በዚያው ቅዳሜ ነው፤ አካውንቱ 450 ከደረሰ 4.50፣ 550 ከደረሰ 5.50 ተብሎ ይጻፋል።